በሳንባ ዙሪያ የተቋጠረ ውሃ ከየት መጣ?

ሳንባ በሁለት ስስ ሽፋኖች ተከቧል። አንደኛው ሽፋን ከሳንባው ጋር ተጣብቆ ይኖራል፤ ሌላኛው የደረትን ግድግዳ ከውስጥ በኩል ይለብሳል። ሐኪሞች ሁለቱን በአንድነት ፕሉራ ይሏቸዋል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ሲሆን፣ በጤነኛ ሰው ውስጡ የሚገኘው ፈሳሽ ከጥቂት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። የፈሳሹ ሥራ ሳንባ ሲነፋና ሲሟሽሽ ሽፋኖቹ ሳይፋተጉ እርስ በርስ እንዲንሸራተቱ ማድረግ ነው።

ይህ ፈሳሽ አንድ ቦታ ረግቶ የሚቀመጥ አይደለም። በአብዛኛው በደረት ግድግዳው ሽፋን ውስጥ ካሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ያለማቋረጥ ይመነጫል፤ በዚያው ሽፋን ላይ ባሉ ጥቃቅን የሊምፍ ቀዳዳዎች በኩል ደግሞ ያለማቋረጥ ይወገዳል። የሊምፍ ሥሮቹ የማስወገድ አቅም ከሚመነጨው መጠን ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ምንጩ በጥቂቱ ቢጨምር እንኳ ፈሳሽ አይጠራቀምም። የሚጠራቀመው ምንጩ ከአቅም በላይ ሲሆን፣ መውጫው ሲዘጋ፣ ወይም ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲደርሱ ነው። ያን ጊዜ ሕመምተኛው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቱን ይከብደዋል፤ ሐኪሙም ራጁን አይቶ «ሳንባህ ውሃ ቋጥሯል» ይለዋል።

ውሃ መቋጠር ግን የበሽታ ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። የልብ ድካም፣ የጉበት ሕመም፣ የሳንባ ምች፣ ቲቢ፣ ካንሰርና ሌሎች በርካታ ሕመሞች ሁሉም በዚያው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ውሃ ሊያስቋጥሩ ይችላሉ። ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ለአንዱ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ይበቃዋል፤ ሌላው ወራት የሚፈጅ የቲቢ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ሦስተኛው በዚያው ቀን የደረት ቱቦ ካልገባለት ሊከፋበት ይችላል። ይህን ረጅም ዝርዝር ለሁለት የሚከፍለው የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ፈሳሹ ትራንሱዴት ነው ወይስ ኤክሱዴት የሚለው ነው።

ግፊት የገፋው እና ጉዳት ያፈሰሰው

የጥቃቅን ደም ሥሮች ግድግዳ እንደ ወንፊት ነው። ውሃና ትንንሽ ጨዎችን ያሳልፋል፤ ግዙፍ የሆኑትን ፕሮቲኖች ግን አብዛኞቹን ይዞ ያስቀራል። ከዚህ ወንፊት ውሃ ከልክ በላይ የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው።

በመጀመሪያው መንገድ ወንፊቱ ደህና ነው፤ የተለወጠው በሁለቱ ወገን ያለው ግፊት ነው። ልብ ደሙን በሚገባ መግፋት ሲያቅተው በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ ውሃም ወደ ውጭ ይገፋል። ወይም በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ይቀንሳል። አልቡሚን ውሃን በደም ሥር ውስጥ የመያዝ ኃይል ስላለው፣ ሲጎድል ውሃው ወደ ውጭ ይሸሻል። በሁለቱም ሁኔታ ሽፋኑ ስላልተጎዳ የሚወጣው ፈሳሽ ቀጭን ነው፤ ፕሮቲኑ ጥቂት፣ ሴሎቹም ጥቂት ናቸው። ይህ ትራንሱዴት ይባላል።

በሁለተኛው መንገድ የተበላሸው ወንፊቱ ራሱ ነው። ፕሉራው በጀርም፣ በካንሰር ወይም በሌላ ምክንያት ሲቆጣ የደም ሥሮቹ ቀዳዳ ይሰፋል። ፕሮቲንና ነጭ የደም ሴሎች ከውሃው ጋር አብረው ይፈስሳሉ። አንዳንዴም መውጫው፣ ማለትም የሊምፍ ሥሩ፣ በካንሰር ወይም በቁጣ ይዘጋና ፕሮቲኑ ባለበት ይከማቻል። ይህ ወፍራም ፈሳሽ ኤክሱዴት ይባላል።

የክፍፍሉ ጥቅም ከዚህ ይጀምራል። ትራንሱዴት ሲገኝ ችግሩ ያለው ከደረት ክፍተቱ ውጭ፣ በልብ፣ በጉበት ወይም በኩላሊት ነው ማለት ነው፤ ፕሉራውን መመርመር ብዙ አይጠቅምም። ኤክሱዴት ሲገኝ ግን በሽታው በአብዛኛው እዚያው ፕሉራው ላይ ወይም አጠገቡ ስለሆነ ምርመራው ወደዚያው መግፋት አለበት።

ትራንሱዴት የሚያመለክታቸው

ከትራንሱዴት ምክንያቶች ሁሉ ግንባር ቀደሙ የልብ ድካም ነው። ብዙውን ጊዜ ውሃው በሁለቱም ወገን ይቋጠራል፤ እግርም ያብጣል፤ ሕመምተኛው በጀርባው ሲተኛ ትንፋሹ ይባባሳል። ምልክቶቹ እንዲህ ግልጽ ሆነው ትኩሳትና የደረት ውጋት ከሌለ፣ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ መርፌ ሳያስገቡ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ሰጥተው ይጠብቃሉ። ውሃው በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልቀነሰ፣ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ናሙና ይወሰዳል።

ሁለተኛው የጉበት ሲሮሲስ ነው። ጉበቱ በጠባሳ ተተክቶ ሆድ ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም፣ ሆድንና ደረትን በሚለየው ዲያፍራም ላይ ባሉ ደቃቅ ክፍተቶች በኩል ውሃው ወደ ላይ ይሳባል። አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ይታያል። በዚህ ሕመምተኛ ላይ የደረት ቱቦ ማስገባት አደገኛ ነው፤ ውሃው ከሆድ ያለማቋረጥ ስለሚተካ ቱቦው ቀን ከሌት ሲያፈስ ይውላል፣ ሰውነትም ከውሃው ጋር ፕሮቲንና ጨው ያጣል። ፈሳሹ ትራንሱዴት መሆኑን ማወቅ ከእንዲህ ያለ ስህተት ይጠብቃል። ሦስተኛው ኔፍሮቲክ ሲንድረም የተባለው የኩላሊት ሕመም ሲሆን፣ ኩላሊት አልቡሚንን በሽንት ስለሚያፈስ የደሙ አልቡሚን ይወርዳል። ከሆድ በኩል የሚደረግ የኩላሊት እጥበትም አንዳንዴ ተመሳሳይ ውጤት ያመጣል።

ናሙናው እንዴት ይወሰዳል

ሕመምተኛው ተቀምጦ ወደ ፊት ጎንበስ ይላል፤ ክንዶቹንም ጠረጴዛ ላይ ያሳርፋል። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ውሃው የት እንዳለና ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው ያያል። ቦታው በማደንዘዣ ከደነዘዘ በኋላ መርፌው በጎድን አጥንቱ የላይኛው ጠርዝ በኩል ይገባል፤ ምክንያቱም ነርቩና ደም ሥሮቹ የሚያልፉት በእያንዳንዱ ጎድን የታችኛው ጠርዝ ሥር ነው። ለምርመራ 50 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይበቃል። ለትንፋሽ ማቅለያ ብዙ መቅዳት ካስፈለገ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ1.5 ሊትር ገደማ በላይ አለማውጣት የተለመደ ጥንቃቄ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ተጨፍልቆ የቆየ ሳንባ በድንገት ሲከፈት ራሱ ሊያብጥ ይችላልና።

የፈሳሹ መልክ ፍንጭ ይሰጣል። መግል ከወጣ ክፍተቱ በጀርም ተይዟል ማለት ነው። ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከአንጀት ስብ የሚያመላልሰው ትልቁ የሊምፍ ሥር መጎዳቱን ያስጠረጥራል። ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካንሰርን፣ ጉዳትን ወይም ወደ ሳንባ የሄደ የደም መርጋትን ያሳስባል። አብዛኛው ፈሳሽ ግን የገለባ መልክ ያለው ቢጫ ነው፤ ትራንሱዴትም ኤክሱዴትም እንዲህ ሊመስሉ ስለሚችሉ ዓይን ብቻውን አይለያቸውም።

የላይት መለኪያ

ቀድሞ ሐኪሞች ሁለቱን የሚለዩት በፈሳሹ የፕሮቲን መጠን ብቻ ነበር፤ በዴሲ ሊትር ከ3 ግራም በላይ ከሆነ ኤክሱዴት፣ ከዚያ በታች ከሆነ ትራንሱዴት ይሉት ነበር። መንገዱ ብዙዎችን አሳስቷል፤ ምክንያቱም የደሙ ፕሮቲን ራሱ ከሰው ሰው ይለያያል። በ1972 አሜሪካዊው የሳንባ ሐኪም ሪቻርድ ላይት ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተሙት ጥናት ይህን አስተካከለ። የጥናቱ ዋና ሐሳብ ፈሳሹን ለብቻው ከመለካት ይልቅ ከዚያው ሰው ደም ጋር ማነጻጸር ነው። ከፕሮቲን በተጨማሪም ኤልዲኤች የተባለውን ኤንዛይም ጨመሩ። ኤልዲኤች በሴሎች ውስጥ የሚኖር ኤንዛይም ስለሆነ፣ ሴሎች ሲጎዱና ሲሞቱ ወደ ፈሳሹ ይፈስሳል።

ዛሬም ድረስ የሚሠራበት የላይት መለኪያ ሦስት ነጥቦች አሉት። የፈሳሹ ፕሮቲን ለደሙ ፕሮቲን ሲካፈል ከ0.5 ቢበልጥ፤ የፈሳሹ ኤልዲኤች ለደሙ ኤልዲኤች ሲካፈል ከ0.6 ቢበልጥ፤ ወይም የፈሳሹ ኤልዲኤች በላቦራቶሪው ለደም ከተቀመጠው የጤናማ ጣሪያ ሁለት ሦስተኛውን ቢያልፍ፣ ፈሳሹ ኤክሱዴት ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ መሟላቱ በቂ ነው። ፈሳሹ ትራንሱዴት የሚባለው አንዱም ሳይሟላ ሲቀር ነው።

ስለዚህ ናሙና በተወሰደበት ቀን ደምም መወሰድ አለበት። ደሙ ካልተወሰደ ሁለቱን ክፍፍሎች ማስላት አይቻልም፤ የተረሳ ደም ደግሞ ከሳምንት በኋላ ሲወሰድ ቁጥሩ ተለውጦ ይገኛል። ናሙናው ሲቀዳ ወይም ሲጓጓዝ ቀይ የደም ሴሎቹ ከፈረሱም በውስጣቸው ያለው ኤልዲኤች ይለቀቅና ትራንሱዴቱን ኤክሱዴት ሊያስመስለው ይችላል።

ከቁጥር ወደ በሽታ፦ አንድ ምሳሌ

አንድ የ26 ዓመት ወጣት ለሦስት ሳምንት ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ደረቅ ሳል ኖሮበት፣ በቀኝ ደረቱ ሲተነፍስ እየወጋው ወደ ሆስፒታል መጣ እንበል። ክብደቱም ቀንሷል። ራጁ በቀኝ በኩል ውሃ ያሳያል። የተቀዳው ፈሳሽ ቢጫና ትንሽ ደፍረስ ያለ ነው። የፈሳሹ ፕሮቲን 5.1፣ የደሙ 7.3 ግራም በዴሲ ሊትር ሆኖ ተገኘ፤ ሲካፈል 0.7 ይሆናል። የፈሳሹ ኤልዲኤች 420፣ የደሙ 210 ነው፤ ክፍፍሉ 2 ይሆናል። የላቦራቶሪው ጣሪያ 240 ስለሆነ ሁለት ሦስተኛው 160 ነው፤ 420 ይህንንም አልፏል። ሦስቱም ነጥቦች ተሟልተዋል፤ ፈሳሹ ያለ ጥርጥር ኤክሱዴት ነው።

ይህ ውጤት በሽታው ፕሉራው ላይ መሆኑን ይናገራል እንጂ የበሽታውን ስም አይናገርም። ስሙን የሚጠቁሙት ቀጣዮቹ ምርመራዎች ናቸው። በፈሳሹ ውስጥ ካሉት ነጭ የደም ሴሎች 88 በመቶው ሊምፎሳይት ሆኑ። ሊምፎሳይቶች ሲበዙ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት ቲቢና ካንሰር ናቸው። በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ የሚገኘው ኤዲኤ የተባለው ኤንዛይም 72 ዩኒት በሊትር ሆነ። በሊምፎሳይት በተሞላ ፈሳሽ ውስጥ ኤዲኤ ከ40 ሲያልፍ የፕሉራ ቲቢን ጥርጣሬ በጣም ያጠነክረዋል። ዕድሜው፣ ምልክቶቹና የሚኖርበት አካባቢ አብረው ይመዘናሉ። እንደ ኢትዮጵያ ቲቢ በብዛት በሚገኝበት አገር፣ እንዲህ ባለ ወጣት ላይ የሚታይ ኤክሱዴት ዋነኛ ተጠርጣሪው ቲቢ ነው።

በዚህ ደረጃ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ፈሳሹ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የቲቢ ባክቴሪያ አልተገኘም። ይህ ቲቢን ውድቅ አያደርግም። በፕሉራ ቲቢ ውሃው በብዛት የሚቋጠረው ባክቴሪያዎቹ ስለበዙ አይደለም፤ ጥቂቶቹ ላይ ሰውነት በሚያሳየው ኃይለኛ የመከላከል ቁጣ ነው። ስለዚህ የማይክሮስኮፕ ምርመራ በአብዛኞቹ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ጂን ኤክስፐርትም በፕሉራ ፈሳሽ ላይ እንደ አክታ አያገኝም። የተሻለው ማረጋገጫ ከፕሉራው ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ በባዮፕሲና በካልቸር የሚደረግ ምርመራ ነው። የአክታ ምርመራም አይታለፍም።

ሌላው አሳሳች ነገር ይህ ውሃ ያለ መድኃኒትም በወራት ውስጥ በራሱ ሊጠፋ መቻሉ ነው። ውሃው ቢጠፋም ባክቴሪያው ይቀራል፤ የቲቢ መድኃኒት ከመምጣቱ በፊት ከተከታተሏቸው ሕመምተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በቀጣዮቹ ዓመታት ሌላ ዓይነት ቲቢ ይዟቸዋል። ስለዚህ ወጣቱ ቢሻለውም ስድስት ወር የሚወስደውን ሕክምና መጨረስ አለበት።

ሌሎቹ የኤክሱዴት ምክንያቶች

ሕመሙ በቀናት ውስጥ የጀመረ፣ ትኩሳቱ ከፍተኛ፣ በፈሳሹ ውስጥ የበዙት ሴሎችም ኒውትሮፊሎች ከሆኑ፣ የሳንባ ምች ወደ ፕሉራው መሻገሩ ይታሰባል። የፕሉራ ቲቢም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኒውትሮፊል ሊያሳይ ስለሚችል የሕመሙ ዕድሜ ይጠየቃል። ምች ያስቋጠረው ውሃ ብዙውን ጊዜ በአንቲባዮቲክ ብቻ ይጠፋል። አስቸኳዩ ጥያቄ፣ ክፍተቱ ራሱ በጀርም ተይዟል ወይ የሚለው ነው። ይህን የሚመልሱት የፈሳሹ አሲድነትና ስኳር ናቸው። ባክቴሪያዎችና ኒውትሮፊሎች ስኳሩን ይበላሉ፣ አሲድም ያመነጫሉ። ፒኤች ከ7.2 ሲወርድ ወይም ስኳሩ ከ60 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲሆን፣ ወይም መግል ሲወጣ፣ አንቲባዮቲኩ ብቻውን ስለማይበቃ የደረት ቱቦ ይገባል። መዘግየት ፈሳሹን በክሮች ተከፋፍሎ ወደ ትንንሽ ኪሶች እንዲለወጥ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ በአንድ ቱቦ ማውጣቱ ያስቸግራል።

የፒኤች ምርመራ በቀላሉ ይበላሻል። በስሪንጁ ውስጥ አየር ከቀረ ፒኤቹ ከእውነተኛው ከፍ ይላል፣ አደገኛው ፈሳሽም ደህና መስሎ ይታያል። በስሪንጁ የቀረ ማደንዘዣ ደግሞ ፒኤቹን ዝቅ ያደርገዋል። ናሙናው አየር በሌለበት ስሪንጅ ተይዞ በቶሎ መለካት አለበት።

በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ቀስ ብሎ የበዛ፣ ቢቀዳም ቶሎ የሚመለስ ኤክሱዴት ካንሰርን ያስጠረጥራል። የሳንባ፣ የጡትና የሊምፍ ካንሰሮች ወደ ፕሉራ የሚዛመቱ ዋነኞቹ ናቸው። በፈሳሹ ውስጥ የካንሰር ሴሎችን መፈለግ በአማካይ ከአሥር ሕመምተኞች በስድስቱ ገደማ ያሳካል። ስለዚህ አንድ ኔጌቲቭ ውጤት ካንሰር የለም ማለት አይደለም፤ ጥርጣሬው ከቀጠለ ናሙናው ይደገማል፣ ወይም በካሜራ ፕሉራው ታይቶ ባዮፕሲ ይወሰዳል። ወደ ሳንባ የሄደ የደም መርጋት፣ የቆሽት ቁጣ፣ እንደ ሉፐስና ሩማቶይድ አርትራይተስ ያሉ ሕመሞችም በኤክሱዴት ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። የደም መርጋት በተለይ በቀላሉ ስለሚረሳ፣ ድንገተኛ ውጋትና የትንፋሽ ማጠር ካለ ሆን ተብሎ ይፈለጋል።

መለኪያው ሲሳሳት

የላይት መለኪያ የተሠራው ኤክሱዴት እንዳያመልጠው ነው፤ በእርግጥም ከኤክሱዴቶች የሚስተው ጥቂት ነው። የዚህ ዋጋ ግን በሌላው ወገን ይከፈላል፦ ከትራንሱዴቶች ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጉትን በስህተት ኤክሱዴት ይላቸዋል። ይህ በብዛት የሚደርሰው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ሲወስዱ በቆዩ የልብ ሕመምተኞች ላይ ነው። መድኃኒቱ ውሃውን ከፕሮቲኑ በፍጥነት ስለሚያስወጣ፣ የቀረው ፈሳሽ እየወፈረ ይሄዳል።

ለምሳሌ የ60 ዓመት ሴት በልብ ቫልቭ ሕመም ምክንያት የልብ ድካም ይዟቸው ለሳምንት ፉሮሴማይድ ወሰዱ። የግራው ውሃ ጠፋ፤ የቀኙ ስላልጠፋ ናሙና ተወሰደ። የፈሳሹ ፕሮቲን 3.4፣ የደሙ 6.6 ነው፤ ክፍፍሉ 0.52 ሆኖ መስመሩን በጥቂት አለፈ። የኤልዲኤች ሁለቱ ነጥቦች ግን አልተሟሉም። በላይት መለኪያ መሠረት ፈሳሹ ኤክሱዴት ነው፤ ሴትየዋም ለቲቢና ለካንሰር ረጅም ምርመራ ሊጀምሩ ነው።

እዚህ ላይ ማካፈሉ ቀርቶ መቀነስ ይሠራበታል። የደሙ አልቡሚን ከፈሳሹ አልቡሚን በ1.2 ግራም በዴሲ ሊትር ከበለጠ፣ ወይም የጠቅላላ ፕሮቲኑ ልዩነት ከ3.1 ካለፈ፣ ፈሳሹ በመሠረቱ ትራንሱዴት ነው። የሴትየዋ የደም አልቡሚን 3.5፣ የፈሳሹ 1.9 ነው፤ ልዩነቱ 1.6። የፕሮቲኑ ልዩነትም 3.2 ነው። ሁለቱም ወደ ልብ ይመልሳሉ። ልብ ሲጨናነቅ የሚያመነጨው ኤንቲ ፕሮቢኤንፒ የተባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ በጣም ከፍ ብሎ ከተገኘ ድምዳሜውን ያጠነክራል። ሕክምናቸው የልብ ሕክምና ሆኖ ይቀጥላል፤ ውሃውም እየቀነሰ መሄዱ በአልትራሳውንድ ይታያል።

የመቀነሱ ዘዴ የላይትን መለኪያ አይተካም። ብቻውን ከተሠራበት እውነተኛ ኤክሱዴቶችን ትራንሱዴት ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል። የሚጠቅመው የላይት ነጥብ መስመሩን በጥቂት ብቻ ሲያልፍና ምልክቶቹ በሙሉ ወደ ልብ ወይም ወደ ጉበት ሲያመለክቱ ነው።

አንድ ሰው ሁለት ምክንያት በአንድ ጊዜ ሊኖረውም ይችላል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ምች ሊይዘው፣ ሲሮሲስ ያለበትም ቲቢ ሊይዘው ይችላል፤ ካንሰርም አልፎ አልፎ ትራንሱዴት ያስቋጥራል። ስለዚህ ትራንሱዴት የተባለ ፈሳሽ በልብ ሕክምና ካልቀነሰ፣ በአንድ ወገን ብቻ ከቀጠለ፣ ወይም ትኩሳትና የክብደት መቀነስ ከመጡ፣ ናሙናው እንደገና ተወስዶ ከአዲስ ደም ጋር ይነጻጸራል።